ሠላሳ ስድስት አልጋ

በቡና አምራቾቹ ማኅበር ማድረቂያ ግቢ ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «እትዬ አንጓ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ጣቷ ነው። ጠዋት የቡናው መሸፈኛ ላስቲክ እንደተገለጠ ቡናው በሚሰጣበት በየሽቦ አልጋው ትዞርና ሌባ ጣቷን ቀጥ አድርጋ ስጡ ውስጥ ትሰካለች። የጣቷ ጫፍ ከታች የሽቦውን ወንፊት ሲነካ ቡናው የመጀመሪያዋን አንጓ ካላለፈ ዝም ብላ ትሄዳለች። ካለፈ ግን ያንን አልጋ ላሰጣችው ሴት ወዮላት።

«ይኼ ስጥ ነው ክምር?»

«ትንሽ እኮ ነው ያለፈው፣ እትዬ።»

«ትንሽ ያለፈ ወንዝም ሰው ይወስዳል። በይ አሳሺው!»

አንጓዋ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ናት። የማድረቂያው ኃላፊ ከሆነች ወዲህ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከነልጣጩ የተለቀመ እሸት ቡና እዚያ ግቢ ውስጥ ከዚያች አንጓ በላይ ተሰጥቶ አያውቅም።

ባሏ አናጢ ነበር። የግቢውን የድሮ አልጋዎች የሠራው እሱ ነው። ወርዳቸውን ሲወስን ሜትር አላወጣም፤ እሷን አጠገቡ አቁሞ «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አላት። በግራም በቀኝም የቆመች ሴት ሳትንጠራራ እስከ መሃል እንድታገላብጥ ነው ነገሩ። ተለክቶ ሲታይ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ሆነ፤ እስከ ዛሬም ልኩ ያው ነው። ባለፈው ዓመት በለቀማው ወራት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግራታል። ይህ ደግሞ ከሐዘኑ ይልቅ ያበግናታል። «ባሌ ሞተ እንጂ ጆሮዬ አልሞተም» ትላለች።

እስከ አምና ድረስ ከአባላቱ ብዙዎቹ ቡናቸውን በየደጃቸው ነበር የሚያደርቁት። ዘንድሮ ቡናውን የሚገዛው ነጋዴ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ እጅ ይድረቅልኝ ስላለ ማኅበሩ የአባላቱን እሸት በሙሉ ራሱ ሊረከብ ወሰነ። አሥራ ሁለት የነበረው አልጋ ስንት ይሁን? ይህን እንዲያጠና የተላከው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከሸሚዙ ኪስ ማስመሪያ የማይጠፋ ልጅ። አገላባጮቹ ሴቶች በመጣ በሳምንቱ «ማስመሪያው» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ማስመሪያው ወደ ሌላ ትልቅ የማድረቂያ ጣቢያ ሄደ። የሄደው እዚያ ለቀማው ባለቀበት፣ ቡናው ወደ መሰብሰቡ በተቃረበበት ሳምንት ነው። በየአልጋው ማስመሪያውን ሰክቶ ለካና አራት ሳንቲሜትር ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ተመልሶ ሲመጣም አባላቱን ሰብስቦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳ። በአራት ሳንቲሜትር አንድ ካሬ ሜትር ሃያ አራት ኪሎ እሸት ይችላል። አንዱ አልጋ ርዝመቱ ሃያ ሜትር ስለሆነ ሃያ አምስት ካሬ ነው፤ ስድስት ኩንታል ይይዛል። ለቀማው ሲጠና በቀን አሥራ ሁለት ኩንታል ይገባል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት አልጋ። ቡናው ለመድረቅ አሥራ ስምንት ቀን ይፈጅበታል። ሁለት በአሥራ ስምንት ሲባዛ ሠላሳ ስድስት።

ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ሰው አጨበጨበ። እትዬ አንጓ ከኋላ ቆማ ነበር።

«ልጄ፣ ያየኸው ቡና የስንት ቀን ነው?»

«የስንት ቀን ማለት?»

«ከተሰጣ ስንት ቀኑ ነው? ቀይ ነበር ወይስ ጠቁሯል?»

«እትዬ፣ ማስመሪያ ዕድሜ አይጠይቅም» አለ በፈገግታ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሊቀ መንበሩ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ እጁን አነሳ። «እህቴ፣ የተማረ ይናገር። አንቺ ደግሞ ዘንድሮ ትንሽ ዕረፊ።»

ቡናው ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ፣ ሁለት አልጋ ወደ አንድ ከተጠቃለለ በኋላ አራት ሳንቲሜትር ቢሰጣ ምንም እንደማይሆን ታውቃለች። እሷም ራሷ በዘጠነኛው በአሥረኛው ቀን የምታደርገው ነው። እሸቱ ግን ገና ውኃ ነው። ይህን ሁሉ ጣቷ ያውቀዋል፤ የሚባዛና የሚካፈል ቁጥር አድርጎ ማውጣቱ ግን የዚያን ቀን አልመጣላትም። ከሁሉ በላይ በኋላ የቆጫት ይኸው ነው።

ሠላሳ ስድስቱ አልጋ ተሠርቶ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት ለቀማው ገና ስለነበር በቀን ሦስት ኩንታል ብቻ ገባ። በየቀኑ አንድ አንድ አልጋ ላይ በአንጓዋ ልክ ተሰጣ፤ ማንም አልተናገራትም። በአሥረኛው ቀን ግን ከበሩ ውጭ ጋሪ በጋሪ ላይ ተደረደረ። መዛኙ ሚዛኑን ዘግቶ ሲደምር አሥራ ሁለት ኩንታል ሞላ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አራት አልጋ ገልጠው ማሰጣት ሲጀምሩ ማስመሪያው እየሮጠ መጣ።

«ሁለት! ሁለት አልጋ ነው የተባለው!»

«ሁለት ላይ ከገባ ይታመማል» አለች እትዬ አንጓ።

«እትዬ፣ በአራት አልጋ ከሄድን በሰባት ቀን ውስጥ አልጋ እንጨርሳለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የት ላድርገው? ራሴ ላይ ላስጣው?»

«አልጋ ማነሱን ዛሬ አወቅከው?»

«አላነሰም። በዕቅዱ ከሄድን አላነሰም!»

የሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። በሁለት አልጋ ተሰጣ። ጣቷን ስትሰካ ሁለተኛው አንጓ ጠፋ። እጇን ስታወጣ ከታች ያለው ፍሬ ሞቅ ብሏል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ቀናት አሥራ አንዱ አገላባጭ ሴቶች ወገባቸው እስኪቆረጥ አገላበጡ። በሰዓት አንዴ የነበረው በሰዓት ሁለቴ ሆነ። ከላይ ያለው ወደ ታች፣ ከታች ያለው ወደ ላይ። ነገር ግን ወፍራም ስጥ ቢገላበጥም ውስጡ አየር አያገኝም፤ ከላይ የደረቀው ተመልሶ ከእርጥቡ ሥር ይገባና ላቡን ይጠጣል። ጥይቴ የሚሏት ምላሷ የሚተኩስ ልጅ ቀና ብላ «እኛ የምናገላብጠው ቡና ነው ሬሳ?» አለች። የሳቀ አልነበረም። ሽታው የኮመጠጠ ሊጥ ሽታ ሆኖ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አንጓ በመጀመሪያዎቹ አራት ወፋፍራም አልጋዎች መሃል እጇን አስገብታ ዘገነች። ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቋል። በላዩ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ተነስንሶበታል። መዳፏን ዘርግታ ወደ ቢሮ ሄደችና በማስመሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ ደብተሩ ላይ፣ ደፋችው።

«ይኸውልህ አራት ሳንቲሜትርህ።»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔ አጥፍቻለሁ ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን ፈራ። ሃያ አራት ኩንታል እሸት መሻገቱን ለአባላቱ ማን ይነግራል? ከሰዓት በኋላ ከቢሮው አንድ ደብዳቤ ተጽፎ መጣ። ጉዳቱ የደረሰው በማገላበጥ ጉድለት እንደሆነ፣ የማድረቂያው ኃላፊና አሥራ አንዱ ሠራተኞች በፊርማቸው እንደሚያረጋግጡ ይላል። ከፈረሙ በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ። ካልፈረሙ ይሰናበታሉ።

ደብዳቤውን አባላቱ በተሰበሰቡበት ማስመሪያው ጮክ ብሎ አነበበው። ጫማቸውን እንኳ ሳያራግፉ የመጡ ሰዎች ዘወር ዘወር እያሉ ሴቶቹን አዩአቸው። አንዱ «ወሬ ሲያወሩ ነዋ የሚውሉት» አለ። ሌላው «ቆመው ነው የሚተኙት» አለ። ጥይቴ ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች፤ እሷ ስታለቅስ ማንም አይቶ አያውቅም።

ሊቀ መንበሩ እትዬ አንጓን ወደ ጎን ወሰዳት። ድምፁ ያው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ ፈርሚና ይለፍ። ወረቀት ነው። ልጁም ወጣት ነው፣ እንጀራው ነው። አንቺ ደግሞ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ልብሽ ስላልተሰበሰበ ነው ብለን እኔ ራሴ እናገርልሻለሁ።»

ንዴቱ ከእግሯ ጥፍር ተነስቶ ራሷ ላይ ወጣ። ባሏን ምክንያት ሊያደርግባት ነው! ሞቶም እንኳ ለሌላ ሰው ጥፋት መሸፈኛ ላስቲክ ሊያደርጉት!

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ወንድምዎ ሲሞት እኔ ሥራ ቀረሁ? በሦስተኛው ቀን ከቡናው አልጋ ዳር ቆሜ አላዩኝም? በእሱ ስም እንዲህ ያለ ወረቀት አልፈርምም። እነዚህም ልጆች አይፈርሙም። ይልቅ ይምጡ። ሁላችሁም ኑ!»

ሰዉ ጉድ ሊያይ ተከትሏት ወጣ። መጀመሪያ የወሰደቻቸው በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ወደ ገባው ቡና ነው።

«ዝገኑ። አሽትቱ።»

ፍሬው ጠቁሮ፣ በእጅ ሲዘግኑት ይንኳኳል። የሚሸተው የደረቀ ፍራፍሬ ነው። አንድም ነጭ ነገር የለበትም።

«ይህንን ያገላበጠው ማነው? እነዚሁ አሥራ አንዱ ናቸው። ይኼ ሲገባ እጅ ነበራቸው፣ ያኛው ሲገባ እጃቸው ተቆረጠ? የተለወጠው እጁ ነው ውፍረቱ?»

መዛኙን ጠራችው።

«ስድሳ ኪሎ እሸት መዝነህ አምጣ።»

ስድሳ ኪሎው መጣ። ባዶ አልጋ ላይ ማስመሪያውን ራሱን አራት ሳንቲሜትር እየለካ እንዲያሰጣ አደረገችው፤ ሁለት ሜትር ላይ አለቀ። ከዚያ እሷ በአንጓዋ ልክ ዘረጋችው፤ አራት ሜትር ሄደ።

«አራት ሜትር በአንድ ሜትር ከሃያ አምስት ስንት ካሬ ነው? አንተ የተማርከው ተናገር።»

«አምስት ካሬ» አለ ልጁ።

«ስድሳ ኪሎ ለአምስት ካሬ?»

«ለካሬው አሥራ ሁለት ኪሎ።»

«ሃያ አምስት ካሬ አልጋ?»

«ሦስት... ሦስት ኩንታል።»

«አንተ ያልከው ስድስት ነው። በቀን አሥራ ሁለት ኩንታል ስንት አልጋ ይፈልጋል?»

«አራት።»

አሁን ቁጥሩ በእጇ ገብቷል፤ አምስቱን ቀን ወገቧን ደግፋ ስታስበው የከረመችው ነው። «አራት አልጋ ለዘጠኝ ቀን ሠላሳ ስድስት ይይዛል። ይኸው፣ ያለን አልጋ በዘጠኝ ቀን አለቀ። በዘጠነኛው ቀን ቡናው ይኮማተራል፤ ያኔ ሁለቱን አልጋ ወደ አንዱ ማጠቃለል ይቻላል። አንተም ሄደህ ያየኸው የተጠቃለለውን ነው፤ ያደገውን ልጅ ለክተህ ለሚወለደው ልብስ ሰፋህ! የተጠቃለለው ደግሞ በቀን ሁለት አልጋ ለሌላ ዘጠኝ ቀን፣ አሥራ ስምንት። ሠላሳ ስድስትና አሥራ ስምንት ሃምሳ አራት ነው። ያውም ፀሐይ ካልከዳን። ያለን ሠላሳ ስድስት። አሥራ ስምንት አልጋ ጎድሏል፤ የጎደለው እሱ ነው እንጂ የማንም ሴት ጉልበት አይደለም!»

«ታዲያ አልጋው እስኪሠራ ምን ይሁን?» አለ አንድ አባል።

«ሠላሳ ስድስት ከሃምሳ አራት ሦስት እጅ ሁለት እጁ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ኩንታል ሁለት እጁን፣ ስምንቱን እንቀበል። የቀረው በተራ ይለቀም። ዛፍ ላይ ያለ ቡና ከአልጋ ላይ ከበሰበሰው ይሻላል።»

ማጉረምረም ተነሳ። የደረሰ ቡና ያለው ሰው ተራ ጠብቅ ሲባል እንደ ስድብ ነው። ሊቀ መንበሩ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ተናገረ።

«ይሁን፣ ስምንት። ደብዳቤውም ለጊዜው ይቆይ። ግን ቃሉ ያንቺ ነው፤ በሩ ላይ ቆመሽ ሰው የምትመልሺውም አንቺ ነሽ። ከዛሬ በኋላ አንድ አልጋ ሻገተ ማለት ደብዳቤው ይጸናል፤ አንቺም ልጆቹም ትሄዳላችሁ።»

«እሺ» አለች።

የሻገቱት አራቱ አልጋዎች ተለይተው እንደ ተራ ቡና እንዲሸጡ ወደ ጎን ተደረጉ። የቀሩት ስድስቱ ወፍራም አልጋዎች ደግሞ ለአሥራ ሁለት ተከፍለው ሳሱ። ከማግስቱ ጀምሮ እትዬ አንጓ ጠዋት በአልጋዎቹ መሃል፣ ከሰዓት በር ላይ ሆነች። አባላቱ ያላሏት ነገር የለም። «የቡና ንግሥት» አሏት። «ባሏን የቀበረች እኛንም ልትቀብር» ያለም ነበር፤ የልጅነት ጎረቤቷ ነው። እሷ የምትመልሰው አንድ ነው። «ስምንት ሞልቷል።»

በአራተኛው ቀን የሊቀ መንበሩ ጋሪ መጣ፤ ሰማንያ ኪሎ ቀይ፣ የሚያምር እሸት። ስምንቱ ሞልቶ ነበር። ከእሱ በፊት የተመለሱት ሰዎች ገና አልሄዱም፤ ቆመው ያያሉ።

«የእኔንም?» አለ።

«የእርስዎንም፣ ጋሼ።»

«ሰማንያ ኪሎ ምን ያህል ነች?»

«ሰባት ካሬ ያህል ትፈልጋለች። ሰባት ካሬ የለኝም።»

ብዙ ሊናገር እንደፈለገ ያስታውቃል። ኋላ ለባለ ጋሪው «መልስ» አለውና በእግሩ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ የሚሳደብ ጠፋ። ንዴቱ ግን ከእሷ አልወጣም። ሌሎቹ ረስተውታል፤ ሰላም ይሏታል፤ ጥይቴን ቆመሽ ነው የምትተኚው ያላት ሰው እንኳ «እንዴት ዋልሽ» ይላታል። ጥይቴ አትመልስለትም።

አሥራ ስምንቱ አዲስ አልጋ በአሥራ አንደኛው ቀን ቆመ፤ አሥራ ሁለት ኩንታሉም በሙሉ ይገባ ጀመር። ስምንት መቀበል ከተጀመረ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከዚያ ወዲህ በቀጭኑ የተሰጣው የመጀመሪያው እሸት ደርሶ እርጥበቱ በመለኪያ ተለካ። አሥራ አንድ ተኩል በመቶ፤ በሚገባ ደርቋል። የሻገተ ፍሬ አልተገኘበትም። ማስመሪያው መለኪያውን እንደያዘ ወደ እትዬ አንጓ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ደስ ይበልዎት። ደብዳቤውን አሁን ቢሮ ገብቼ እቀደዋለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል።»

ከወገቧ ቀና አለች። ልጁ መልካም ነገር የነገራት መስሎታል፤ ፊቷን አይቶ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ማንም ሳያውቅ? ስታነበው ማን ነበር ያላወቀው? መቶ ሰው ፊት ሰነፍ አስብለኸን፣ ቢሮህ ገብተህ ብቻህን ልትቀደው?»

«እና ምን ላድርግ?»

«ና።»

ወደ በሩ ይዛው ሄደች። የከሰዓቱ ርክክብ ነው፤ ጋሪውም ሰዉም ሞልቷል። ሊቀ መንበሩም ከሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። አሥራ አንዱ ሴቶች ማገላበጣቸውን ትተው ከአልጋዎቹ መሃል ብቅ ብቅ አሉ።

«ተናገር» አለችው።

ልጁ ሊቀ መንበሩን አየው። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬቱን አየ።

«በዚያን ጊዜ የተበላሸው ቡና...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማገላበጥ ጉድለት አልነበረም።»

«አልተሰማንም!» ጥይቴ ናት፣ ከሦስተኛው አልጋ።

«የማገላበጥ ጉድለት አልነበረም!» አለ ጮክ ብሎ፤ ፊቱ ቀልቷል። «አልጋው አንሶ ነው። ያነሰውም እኔ በተሳሳተ ውፍረት ስላሰላሁት ነው። ሴቶቹ ጥፋት የለባቸውም።»

ከተሰለፉት አንዱ፣ ያ «ቆመው ነው የሚተኙት» ያለው ሰውዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ።

እትዬ አንጓ ልጁን አላመሰገነችውም። ደብዳቤውንም እስካሁን አላስቀደደችውም፤ ከፈለጉ ያስቀምጡት አለች፣ የነበረ ነገር ነው። ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ምን ታያላችሁ? ሰዓቱ አልፏል፤ አገላብጡ!»